ፓስፖርቴና ዲፕሎማዬ ላይ የተጻፉት ሁለት አባቶች

እኔ ነገር ሲጓተት የማልወድ ሰው ነኝ። ወልቂጤ ክሊኒክ ስሠራ በሽተኛ ደጅ ተኮልኩሎ ካርድ ክፍል ውስጥ ወሬ ሲሰለቅ ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም ነበር። ታዲያ እንደኔ ያለውን ሰው «ስምሽ አልገጠመም» ብሎ ከቢሮ ቢሮ ማንከራተት ምን እንደሚያደርገው እናንተው አስቡት።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ውጭ አገር ሄጄ አዋላጅነት እንድማር ተፈቀደልኝ። ትምህርት ቤቱ የፈለገብኝ ብዙ አይደለም። የነርስነት ዲፕሎማዬ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እንዲላክ፣ ትርጉሙ ላይ ያለው ስም ደግሞ ፓስፖርቴ ላይ ካለው ጋር አንድ ፊደል እንኳ ሳይለይ እንዲገጥም ነው። ወረቀቱ በጊዜው ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ይላል ደብዳቤው። ዲፕሎማዬ የተጻፈው በአማርኛ ብቻ ነበር።

ለትርጉም ወደ ቡታጅራ ሄድኩ። ከወልቂጤ ቡታጅራ በካርታ ሲያዩት ጎረቤት ይመስላል፤ በአውቶቡስ ግን አዲስ አበባ ገብቶ መዞር ነው። ቢሆንም ያደግኩት እዚያ ነው፤ የምተማመንበት ተርጓሚም ያለው እዚያ ነው። እሱ ቡታጅራ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ የነበረ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኖ ሠርቷል። የእሱ ትርጉም ለማኅተም ትምህርት ሚኒስቴር ሲቀርብ ውድቅ ሆኖ አያውቅም ይባል ነበር።

ዲፕሎማውን ስሰጠው ገና ሳያየው እጁን ዘረጋና «ፓስፖርትሽንስ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ የሚተረጎመው እኮ ዲፕሎማው ነው» አልኩት።

«ስም አይተረጎምም። በጆሮዬ እንደሰማሁት ልጻፈው ብል እኔ አንድ ዓይነት እጽፋለሁ፣ ሌላው ሌላ ዓይነት ይጽፋል። የእንግሊዝኛው ስምሽ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው፤ ከዚያው ላይ መገልበጥ ነው» አለና ፓስፖርቱን ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ ዘርግቶ አስቀመጠው። የፓስፖርቱ ጸሐፊ ስሜ መሐል አንድ ፊደል ያለ ቦታው ደግሞታል። አስተማሪዬም ደገመው። ያስጠላል ብዬ ብነግረው «ቢያስጠላም ያንቺው ነው» ብሎኝ ወደ አባት ስም ተሻገረ። እዚያ ላይ ጣቱ ቆመ።

ዲፕሎማው ላይ የአባቴ ስም የአጎቴ ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የወለደኝ አባቴ ነው። የአያቴ ስም በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ወንድማማቾች ናቸውና።

ይኼን ነገር አላውቅም ነበር አልልም። የመስቃንና የቡታጅራ ሰው ይኼን ጉድ አይለውም። አባቴ እንሴኖ አጠገብ በርበሬና እንሰት የሚያለሙ፣ ቤታቸው ልጅ የሞላበት ገበሬ ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ቡታጅራ ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ ልጅ አልወለደም። ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ስለሆነ ገና ጥርሴን ሳልነቅል ወስዶ አሳደገኝ። ሚስቱ ቶሎ ሞተችበትና ጸጉሬን ሳይቀር የሚሠራልኝ ራሱ ነበር፤ ሹሩባው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል። ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ መዝጋቢው «የማን ልጅ ናት?» አለው፤ «የኔ» አለ። በቃ፣ ከአንደኛ ክፍል እስከ ነርስ ትምህርት ቤት በእሱ ስም ሄድኩ። አባባ ነው የምለው፤ አንተ ነው የምለው። አባቴን ግን አንቱ ነው የምላቸው።

ፓስፖርት ሲወጣ ደግሞ ማንነቴን የሚገልጽ ወረቀት ከተወለድኩበት ወረዳ መምጣት ነበረበት። እኔ ወልቂጤ ሥራ ላይ ነኝ፤ አባቴ ሽማግሌ ይዘው ወረዳው ዘንድ ቀረቡና ልጄ ናት አሉ። ልጃቸው አይደለሁም እንዴ? የፓስፖርት ቢሮውም በወረቀቱ መሠረት ጻፈ። ፓስፖርቱ እጄ ሲገባ ከዲፕሎማው ጋር እንደማይገጥም አየሁ፤ ያማከርኩት ሰው ሁሉ ግን «ተርጓሚው ያስተካክለዋል» አለኝ።

ተርጓሚው ፊት ተቀምጬ ያንኑ ለመንኩት። «ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ጻፈውና ይለቅ፤ ማን ያየዋል?»

«የፊደል ልዩነት ቢሆን በፓስፖርቱ እወስደው ነበር፤ ሥራዬ ነው። ይኼ ግን ሌላ ሰው ነው። ሚኒስቴሩ ዋናውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚያየው። አማርኛው አጎትሽን እያለ እኔ አባትሽን ብጽፍ እኔም እጠየቃለሁ፣ አንቺም ትቀሪያለሽ» አለ። ደሜ ፈላ። እሱ ግን እውነቱን ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነበር።

ፓስፖርቱን በአጎቴ ስም እናስለውጥ አልኩ። ለዚያ አጎትሽ ወልዶሻል የሚል ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ውሸት ነው አለኝ። የቀረው አንድ መንገድ ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ በሁለቱም ስም የምጠራው አንድ ሰው መሆኔን፣ አባቴም ፓስፖርቱ ላይ ያሉት መሆናቸውን ማስወሰን፤ በውሳኔው ነርስ ትምህርት ቤቱ መዝገቡን ያርምና ዲፕሎማውን በታረመው ስም ይሰጣል፤ ያኔ እሱ ይተረጉማል። ለፍርድ ቤቱ ደግሞ ዋናው ቃል የአባባ ነው። በስሙ ያስመዘገበኝ እሱ ነውና አልወለድኳትም ማለት ያለበት እሱ ነው።

አባባ ሱቅ ሄጄ እንዴት እንደነገርኩት አላውቅም። መሬት መሬት እያየሁ ነው የነገርኩት። አቡጀዲ እየለካ ነበር፤ ልኮ ጨረሰ፣ ቀደደ፣ ለገዢዋ አጠፈላት። ሴትየዋ ስትወጣ «ሌላ መላ የለውም?» አለኝ። የለውም አልኩት። «እንግዲያው መቼ ነው?» አለ። እኔ እንዲቆጣ ነበር የፈለግኩት። ቢቆጣኝ እኔም እቆጣ ነበር፤ በቁጣ እናወጣው ነበር። «ተወው፣ ይቅር፣ አልሄድም» አልኩት። «አንቺ ልጅ፣ እናቶች ዓይኔ እያየ በምጥ ይሞታሉ እያልሽ ስንት ጊዜ አልቅሰሽብኛል? ትሄጃለሽ» አለኝ።

የወረዳው ፍርድ ቤት ጠባብ ነበር፤ ከዳኛው ራስ በላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የገበያ ቀን ስለነበር ባለጉዳዩ ሞልቷል፤ ግማሹ የአባባ ደንበኛ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፣ ልጄ ነርስ ሆነች» ሲላቸው የኖረ ሰው ነው። ቁርአኑ ቀረበ። አባባ ኮፍያውን አስተካክሎ ቀኝ እጁን ጭኖ ማለ።

ዳኛው «ይህች ልጅ ልጅዎ ናት?» አሉት።

«አሳድጌያታለሁ።»

«የተጠየቁትን ይመልሱ። ልጅዎ ናት ወይስ አይደለችም?»

«አይደለችም።»

«ሌላ ልጅ አለዎት?»

ይኼ ለምን እንዳስፈለጋቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም። «የለኝም» አለ አባባ። እኔ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ተነስቼ መጮህ አማረኝ፤ ግን ምን ብዬ? የጠየቅኩት እኔ፣ ማመልከቻው የኔ፣ የሚጠቅመውም ለኔው ጉዞ ነው። አባቴ ተራቸው ደርሶ ሲመሰክሩ ወንድማቸውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

ውሳኔው ተሰጠ። ነርስ ትምህርት ቤቱም ትንሽ ካመላለሰኝ በኋላ መዝገቡን አርሞ አዲስ ዲፕሎማ ሰጠኝ። አስተማሪዬ ፓስፖርቱን እንደገና ዘረጋ፤ የኔን ስም ከነተደገመችው ፊደል፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም አንድ በአንድ እያየ መታ፤ ሲጨርስም ከኋላ ወደ ፊት እያነበበ አመሳከረው። ገጠመ። ሚኒስቴሩም ሳይጠይቀኝ ማኅተሙን አሳረፈበት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭንቅላቴን ያመኝ ጀመር።

አባባን ልሰናበት ቡታጅራ ስመጣ ሱቁ ውስጥ ከጉንችሬ የመጣ አንድ ነጋዴ ተቀምጦ ነበር። «ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው ያልከኝ ልጅህ ይቺ ናት?» አለው። አባባ «የወንድሜ ልጅ ናት» አለ። ሰውዬው ተቀየርክብኝ በሚል ዓይነት አየው፤ አባባ ሒሳቡን ቀጠለ።

ሰውዬው ሲወጣ ጠብቄ «አባባ፣ ተቀየምከኝ?» አልኩት።

«በምን ልቀየምሽ? ወላሂ ቅንጣት ቅያሜ የለኝም።»

«ታዲያ ምነው ሰው ፊት እንዲህ አልክ?»

«በቁርአን ምዬ ልጄ አይደለችም ብያለሁ። ወጥቼ ልጄ ናት ብል መሐላዬ ምን ሆነ? በፊት በአፌ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ ያኔ አልማልኩም። አሁን ግን ምያለሁ።»

ተሟገትኩት። ዳኛው የጠየቁህ ስለ መውለድ ነው፣ ስለ ማሳደግ ማን ጠየቀህ አልኩት። ሼኹን እንጠይቅ አልኩት፤ ጠይቄያለሁ፣ ችግር የለውም ብለውኛል፣ እኔ ግን ልቤ እሺ አላለኝም አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። ዕንባዬን በሻሹ ጫፍ ጠረገልኝ። ቃሉን ግን አልመለሰልኝም። ክሊኒክ ውስጥ መድኃኒት ያለቀ ለታ እንኳ እንደዚያ እጄን ታስሬ አላውቅም።

በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ሸኘኝ። ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ ሲያቀብል የአውቶቡሱ ረዳት ከጣራው ላይ ሆኖ «የማን ዕቃ ነው?» ብሎ ጠየቀው። አባባ ቀና አለና ስሜን፣ የወንድሙን ስም፣ የአያቴን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በተርታ ጠራለት።