ከካፉሪ የሚመጣው ክፍያ

ፈሪ መሆኔን አስቀድሜ ልናገር። ካርቱም በኖርኩባቸው ዓመታት የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር ወረቀቴ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን የምዳብስ፣ የቤት ኪራይ ቀኑ ሳይደርስ የምከፍል ሰው ነበርኩ። አሠሪዬም የቀጠረኝ ለዚሁ ይመስለኛል። ፈሪ ሰው መዝገብ አያበላሽም ብሎ ነው።

አሠሪዬ ሱዳናዊ ነው፤ ሳጃና በሚባለው ሰፈር የኢንተርኔት ቤት ነበረው። ሰው ኢሜይሉን ለማየት ወረፋ የሚጠብቅበት ዘመን ነው። በኋላ ዌብሳይት አሠራና ዕቃ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ መሸጥ ጀመረ። ክፍያውን እዚያ ቅስጥ ይሉታል። በሰው ቤት የሚሠሩት የአገሬ ሴቶች ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፤ አጠገቤ ተቀምጠው ዕቃውን በሥዕሉ ይመርጣሉ፤ ዓረብኛውን ፎርም እኔ እሞላላቸዋለሁ። ዕቃው ሲደርስ የመጀመሪያውን በእጅ ይከፍላሉ፣ የቀረውን በስድስት ወር። ከሚሠሩበት ቤት እንደልብ መውጣት ስለማይችሉ የየወሩን የሚልኩት በስልክ ሒሳብ ነው፤ ረሲድ ይባላል። የሱቁ ስልክ ላይ የላኪው ቁጥርና የገንዘቡ ልክ ይመጣል። እኔ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጌ፣ ካገኘሁት ሰው ረድፍ ላይ ክፍያውን እጽፋለሁ። የተከፈለው አረንጓዴ፣ ቀኑ ያለፈበት ቢጫ፤ ሁለት ወር ከተዘለለ ረድፉ በሙሉ ቀይ።

ቀይ ቀልድ አልነበረም። ለእያንዳንዷ ገዢ ዋስ የሆነ ሰው ቼክ ፈርሞ ያስቀምጣል። ረድፉ ቀይ ሲሆን ቼኩ ባንክ ይገባል፤ ገንዘብ ከሌለው ይመለሳል፤ የተመለሰ ቼክ ደግሞ ያሳስራል። የፍርዱ ቃል «እስኪከፍል ድረስ ይቆይ» የሚል ነው፤ ማብቂያ ቀን የለውም። በሰፈራችን አንድ ሻይ ቅጠል ነጋዴ እንዲህ ገብቶ፣ ሴት ልጁ እሱን ለማስፈታት ገንዘብ ስትለምን ስንቱን በር እንዳንኳኳች አውቃለሁ። ዋስ ማምጣት ላልቻለች አሠሪዬ ሌላ መንገድ ነበረው፦ «አንቺ የምታምኛት ከሆነ ስጫት፤ ከቀረች ከደመወዝሽ ነው» ይለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አመንኩ። ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ የምትሠራ የወሎ ልጅ ቴሌቪዥን ወሰደች። አራት ወር በቀኑ ከፈለች፤ ሁለት ሲቀራት ዝም አለች። ረድፏ ቀላ። አገሯ መግባቷን ሰው ነገረኝ፤ በመተማ በኩል፣ ቴሌቪዥኗን አሸክማ። እኔም በወሩ መጨረሻ ደመወዜ ሊቆረጥ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለእናቴ የምልከው ከዚያች ደመወዝ ነበርና።

ታዲያ ወሩ ሳያልቅ ከዚያው ቁጥር ረሲድ መጣ። እንዲያውም ከክፍያዋ ትንሽ ይበልጣል። ገንዘቡ ከቆየው ዕዳ ስለሚጀምር አምስተኛውን አረንጓዴ አደረግሁት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ መጣ፤ ስድስተኛውም ተዘጋ፣ ትርፍ ተረፋት። ለአሠሪዬ «አየህ፣ ያመንኳት አላሳፈረችኝም» አልኩት። ወሎ የተቀመጠች ሴት በሱዳን ስልክ ረሲድ እንዴት ትልካለች ብዬ አልጠየቅሁም? ጠይቄያለሁ። ለራሴ ጠየቅሁና ለራሴ ዝም አልኩ። በቁጥሩ ደውዬ «ማን ነሽ?» ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። የተዳፈነ እሳት ማን ይጭራል?

በእነዚሁ ሁለት ወራት የሌላ ሴት ረድፍ ቢጫ ሆኖ ከረመ። ለወንድሟ ላፕቶፕ የወሰደች ናት። የሰጠችን ቁጥር ዝግ ነው። ዋሷ ደግሞ የምከራይበት ቤት ባለቤት፣ አርባ ዓመት ካርቱም የኖሩ ልብስ ሰፊ፣ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስለሚሰፉ ብቻ የቼክ ደብተር ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አባባ ነው የምላቸው። ባንክ ውስጥ የክር መግዣ እንኳ እንደሌላቸው አውቃለሁ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ረድፉ ቀላ። አሠሪዬ ቼኩን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሐሙስ ባንክ ይገባል።

ረፋድ ላይ ላፕቶፕ የወሰደችው ሴት ራሷ መጣች። መዳሟን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብላ፣ ከካፉሪ በሀፍላ አውቶቡስ ድልድዩን ተሻግራ ነው የመጣችው። ዘና ብላ ሦስተኛውን በእጄ ልስጥሽ አለችኝ። ያለፉት ሁለቱስ? ስላት ግራ ገባት።

«ወላሂ ሁለቱንም ልኬያለሁ። የኔ ስልክ ተሰብሮ በቤቱ ስልክ ነው የላክሁት። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅም በሱ ነበር አሉ የምትልከው።»

ያ ስልክ የማንም ሴት አልነበረም፤ የቤቱ ነው፤ አንዷ ስትወጣ ለምትገባዋ ከወጥ ቤቱ ቁልፍ ጋር ይሰጣል። እኔ ቁጥሩን እንደ ሰው ስም ቆጥሬ፣ የዚህችን ገንዘብ ለዚያች ዕዳ ከፍዬበታለሁ። ለዚያች ብቻ አይደለም፤ ለደመወዜ።

አሁን ማስተካከል ማለት ሁለቱን ክፍያዎች ከአንዱ ረድፍ አንስቶ ወደ ሌላው ማዞር ነው። የሷ አረንጓዴ ይሆናል፤ የባለቴሌቪዥኗ እንደገና ይቀላል፤ የዚያ ቀይ ዋስ እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጣቴ ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ ትንሽ ቆየሁ። «ሦስተኛውን ብቻ ተቀብዬ ብሸኛትስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ከዚያ አባባ እስር ቤት በር ላይ መነጽራቸውን ሲያስረክቡ ታየኝ። ያለዚያ መነጽር መርፌ ቀርቶ ሰው አይለዩም።

ለአሠሪዬ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ እሱ ይብስ ያስፈራል። የሱቁን ስልክ መልእክቶች ከረድፎቹ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ፣ ለሴትዮዋ ደረሰኝ ጻፈላት፣ እኔን ደግሞ የቴሌቪዥኑ ቀሪ ዕዳ ከደመወዜ በሁለት ወር እንዲቆረጥ ወረቀት አስፈረመኝ። ከዚያ ቼኩን ወደ መሳቢያው መለሰ። የተቀሩት ወራት እስኪከፈሉ እዚያው ይቆያል።

ማታ ቤት ስገባ ዝም ማለት እችል ነበር፤ አባባ ምንም አያውቁም። ግን ከሰው አፍ ከሚሰሙ ከኔ ይስሙ ብዬ የስፌት መኪናቸው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ቼካቸው ነገ ባንክ ሊገባ እንደነበር፣ ስሕተቱ የኔ እንደሆነ፣ ስልኩ የቤት ስልክ እንደነበር ነገርኳቸው። የስፌት መኪናውን አቆሙት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«ዛሬ ጠዋት አባባ» አልኳቸው።

«ባወቅሽ ሰዓት ሮጠሽ ደረስሽልኝ። እግዜር ይስጥሽ» አሉና፣ የራሳቸውን እራት ከፍለው ወደኔ አቀረቡልኝ። ያን ጊዜ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ መመለሴን ሳልነግራቸው በላሁ።