«ይመስገን» የማይዘጋው ጥያቄ

አስቻለች በመካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ በአንድ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ያልለካችው ሰው የለም፤ ወሬ ግን አይሆንላትም። ደንበኛ ሲመጣ «ይጥበብ?» «ይታጠፍ?» ትላለች፤ «አዎ» ካሏት አንገቷን ደፍታ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

የእናቷ አርባ ከወጣ በኋላ አባቷን መሪጌታ ኒቆዲሞስን ከገጠር ይዛቸው መጣች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ከጎኗ አግዳሚው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ይውላሉ።

«አባ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት?»

«ይመስገን።»

«በረደዎት?»

«የለም።»

«ቁርሱ ተስማማዎት?»

«ይመስገን።»

ለአገሩ ሰው ይህ ነውር አይደለም። ሰላምታው ራሱ ረጅም የጥያቄ ሰንሰለት ነው፤ ለሁሉም አንድ «ይመስገን» ይበቃዋል። አስቻለችም አባቷን የምታዋራ ይመስላት ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሽማግሌው ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«ቅዳሜ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

እሳት የሚያነድበት ሰው ወደሌለው ቤት ነው። በዚህ ዝምታቸው ላይ ብቻቸውን ቢገቡ የሚተርፉ አልመሰላትም።

«እዚህ አልተመቸዎትም?»

«ተመችቶኛል።»

«እንግዲያው አይቀሩም?»

«አልቀርም።»

ከበረንዳው ማዶ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ራሕማ ሁሉንም ሰምታለች። መሪጌታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቃ መጣች።

«አስቹ፣ ወላሂ የአንቺ አጠያየቅ የፖሊስ ነው!»

«ምን አጠፋሁ?»

«መልሱን ራስሽ አብስለሽ ታቀርቢላቸዋለሽ። ለእሳቸው የቀረው አዎ ወይም አይ ማለት ነው። ያን ካሉ በኋላ ምን ይጨምሩ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹በረደዎት?› አትበያቸው፤ ‹የዚህ ብርድ ከእናንተ አገር ብርድ በምን ይለያል?› በያቸው። ‹ቁርሱ ተስማማዎት?› ከምትዪ፣ ‹ተማሪ ሳላችሁ ጠዋት ጠዋት ምን ትበሉ ነበር?› በያቸው። ከዚያ አፍሽን ያዢ። እኔ ዘንድ ቁልፍ ሊገዛ የመጣ ሰው የሠርጉን ታሪክ ነግሮኝ ቁልፉን ረስቶ ይሄዳል!»

«ሻይ ይጠጡ እንደሆነ ለማወቅም እንዲህ ልዞር ነው?»

«ሻይማ ‹ይጠጣሉ?› ነው። ሰው ማጫወት ሌላ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት አስቻለች ልቧን ሞልታ ጀመረች። «አባ፣ በሆድዎ ያለው ሐዘን እንዴት ያለ ነው?»

«ምንም።»

ራሕማ ከማዶ ራሷን ያዘች። በኋላም በሹክሹክታ፣ «ተራራ አሸከምሻቸው እኮ! ትንሽ ነገር ጠይቂ፣ በእጅ የሚያዝ» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሣ። አስቻለች ስለ ብርዱ እንደተባለችው ጠየቀች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ለመድገም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ነክሳ ያዘችው።

«የእኛ አገር ብርድ ጨዋ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል። ይኼኛው ዓይን አውጣ ነው።»

«ይብሳል ማለት ነው?» ልትል ነበር። ተወችው። «ተማሪ ሳላችሁ ብርድ ሲጸና እንዴት ታድሩ ነበር?» አለች።

እንዴት እንደሚያድሩ፣ አንዱን ደበሎ ለሦስት እንዴት እንደሚጎትቱት፣ መሐል የተኛው እንዴት እንደሚሰደብ ተረኩላት። አስቻለች ስታዳምጥ በእጇ የነበረውን ኮሌታ አጣማ ሰፋችው። በአባቷ ደረት ውስጥ ይህን ያህል ነገር ተቀምጦ መኖሩ አስፈራት።

ቅዳሜ ግን ጓዛቸውን ቋጥረው ሊሰናበቷት አግዳሚው ላይ አረፍ አሉ። አውቶቡሱ ከገበያው ጫፍ ጥሩንባ እየነፋ ነው። «ይቅሩ» አላለቻቸውም።

«አባ» አለች፣ «ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። እሷም ጠበቀች።

«እሳት አነዳለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እናትሽ ትጠይቀኝ ነበር።»

«ምን እያለች?»

«‹ዛሬ ተማሪዎቹ ምን አሉ?› ትላለች። አርባ ሦስት ዓመት! ‹ደከመዎት?› ብላኝ አታውቅም። እኔም ስነግራት፣ ስነግራት፣ ዜማው ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል ለካ። አንድ ቀን ተማሪ ሲስት ከጓዳ ሆና አረመችው። ፊደል ሳትቆጥር! እኔ መቋሚያዬ ከእጄ ወደቀ።»

አስቻለች መቀሷን አስቀመጠች። አንገቷን ደፍታ እህል ስትለቅም የምታውቃት ያቺ ዝምተኛ እናቷ ናት?

የአውቶቡሱ ረዳት እየሮጠ መጣ። «መሪጌታ፣ ይነሡ እንጂ! ሰው ሞላ!»

«ወሬ ላይ ነኝ፤ አይታይህም?» አሉት። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ተማሪው ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው…»

ረዳቱ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ሲወጣ መሪጌታ ገና የሁለተኛውን ተማሪ ታሪክ አልጨረሱም ነበር። ሲጨርሱ ጓዛቸውን አግዳሚው ሥር ገፉት፤ የሚቀጥለው አውቶቡስ መቼ እንደሆነ ግን አልጠየቁም።

«አንቺስ» አሏት፣ «ዛሬ የምትሰፊው የማንን ነው? ሰውየው እንዴት ያለ ነው?»

አስቻለች ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም። አፏን ከፈተች፤ የምትናገረው ነገር አላት።