የኔ ሆትስፖት

ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው የትርጉም ቢሯችን መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። የዚያን ዕለት ደንበኛው የሚጠብቀውን ፋይል ለመላክ የስልኬን ሆትስፖት ከፍቼ ላፕቶፔን አገናኘሁ። ፋይሉ መሀል ደርሶ መንፏቀቅ ጀመረ። ስልኬ በወፍራሙ ግድግዳ ውስጥ ደካማ ኔትወርክ እየሳበ፣ መልሶ ዋይፋይ እያደለ እንደ ካውያ ጋለ፤ ባትሪውም ዓይኔ እያየ ያልቅ ጀመር።

ማን እንደተገናኘ ለማየት ብከፍት፣ ባለፈው የይለፍ ቃሉን የሰጠኋቸው የአዛውንት ባልደረባዬ ስልክ በራሱ ገብቶ ኖሯል። ያችኑ ቀጭን መስመር በቪዲዮ ይጠጧታል። ውስጤ አረረ፤ ግን እርሳቸውን «ይዝጉልኝ» የምልበት አፍ ከየት ይምጣ?

ስልኬ ድርግም አለ።

«ልጄ፣ ያንቺም ተቋረጠ?» አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው። «ዛሬስ ጥሩ ይሠራ ነበር።»