ሲስተሙ የተዘጋበት እሑድ

ቶይባ ጀማለዲን የይጁቤ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ በገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። እሷ ግን ደብረ ማርቆስ ኮምፒዩተር ተምራ፣ እዚያው ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ሲስተም ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጠረች። የሕመምተኛው ካርድ፣ የላብራቶሪው ውጤት፣ የመድኃኒቱ ትእዛዝ ሁሉ የሚያልፈው እሷ በምትጠብቀው ሰርቨር ነው።

ሰርቨሩ አርጅቶ በአዲስ ሊተካ ሆነ። ሥራውን የያዘው የአዲስ አበባ ባለሙያ ስልክ ደወለላት።

«እሑድ ሁለት ሰዓት እንጀምራለን፤ አምስት ሰዓት እንጨርሳለን።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ፤ ከሰዓት በኋላ።»

ባትጠይቀው ኖሮ ሆስፒታሉ ጠዋት ይዘጋጅና ከሰዓት በኋላ ይዘናጋ ነበር። ማስታወቂያዋን ጽፋ ለማዋለጃ ክፍል ኃላፊዋ ለሲስተር እስከዳር አሳየቻት፦ «እሑድ ለጥገና ሲባል ሲስተሙ ለተወሰነ ሰዓት ይቋረጣል።»

ሲስተር እስከዳር መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። «ቶይቤ፣ ይኼ ለእኔ ምኔ ነው? ከስንት እስከ ስንት እንደሚዘጋ ንገሪኝ። እናት ደም ሲፈሳት ምን ላድርግ፣ እሱን ጻፊልኝ።»

ቶይባ ከማዋለጃው ወደ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪው ወደ ፋርማሲ እየዞረች ስትጠይቅ ሰነበተች። አዲሱ ማስታወቂያ በየበሩ ተለጠፈ፤ በቴሌግራም ተላከ፤ በዋዜማውም ተደገመ። እንዲህ ይላል፦ እሑድ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሲስተሙ አይሠራም። ከመዘጋቱ በፊት የተኙ ሕመምተኞች ማጠቃለያ ታትሞ አልጋቸው ጋ ይቀመጥ። ትእዛዝ በወረቀት ይጻፍ፤ ስም እስከ አያት፣ የካርድ ቁጥርም ይኑረው። አስቸኳይ ውጤት በስልክ ይነገር፤ የሰማው መልሶ ያንብበው። ሲስተሙ ቢዘገይም በወረቀቱ ይቀጠል።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ የኮምፒዩተሮቹ ገጾች ሁሉ ባዶ ሆኑ። ቶይባ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ሆና መረጃው ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ሲዛወር እያየች ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርስ ስልኳ ጮኸ። ሲስተር እስከዳር ናት።

«ከደምበጫ የመጣች እናት ወልዳ ደም አልቆም አላት። ሲስተሙን አሁን ልትመልሽልኝ ትችያለሽ?»

ቶይባ ኮምፒዩተሩን አየች። ዝውውሩ መሐል ላይ ነው፤ አሁን ቢቆም ወደ ድሮው መመለሱ ራሱ ጊዜ ይፈጃል።

«አልችልም ሲስተር። በወረቀቱ ሂዱ።»

«እሺ፤ ሄድን።» ስልኩ ተዘጋ።

ቶይባ ዝውውሩን ከሩቅ ለሚከታተለው ለአዲስ አበባው ባለሙያ ትታ ወደ ማዋለጃው ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። የገመተችው ጩኸትና ትርምስ ነበር፤ ያየችው ግን ሌላ ነው። አንዷ ነርስ አልጋው አጠገብ ቆማ ለምርመራ በተቀዳው ደም ብልቃጥ ላይ በእጇ ትጽፋለች፤ ሌላዋ ከእናቲቱ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ላይ ስሟን ጮክ ብላ ታነብላታለች። «አለሚቱ ይርዳው እንዳላማው።» በዚያው ክፍል ሌላ አለሚቱ ተኝታለች። ስለዚህ እስከ አያቷ አነበቡ፤ የካርዱን ቁጥር አነበቡ፤ ደገሙት። ተላላኪው ብልቃጡንና ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

ላብራቶሪው ውስጥ ባለሙያው ገብረ ኪዳን በማጠቃለያው ላይ የታተመውን የደም ዓይነት አምኖ አልተቀመጠም፤ ከአዲሱ ናሙና እንደገና አጣራ፣ ሊሰጣት ከተዘጋጀው የከረጢት ደም ጋር መስማማቱን አየ። ከዚያ ደወለ። ሲስተር እስከዳር የነገራትን ቃል በቃል መለሰችለት። «ትክክል» አላት። ደሙ መጣ፤ አልጋው አጠገብ ሁለት ሰው ከማሰሪያው ጋር እንደገና አነጻጸረው፤ ተንጠለጠለ።

ቶይባ በሩን ይዛ ቀረች። ያቺ በየክፍሉ እየዞረች የለቃቀመቻት ማስታወቂያ ሰው ሆና፣ እግርና ድምፅ አውጥታ ስትሄድ አየች። ቀስ በቀስ የእናቲቱ ከንፈር መልኩ ተመለሰ።

«ሱብሓነላህ» አለች ለራሷ።

ጎኗ የነበሩ አንዲት አስታማሚ እናት ሰምተው፣ «እሱስ ልክ ነው ልጄ፤ እግዚአብሔር ሲሠራ እንዲህ ነው» አሏት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተቃርቦ አዲሱ ሰርቨር ሥራ ጀመረ። ቶይባ መጀመሪያ ራሷ ሞከረችው፤ የጥቂት ሕመምተኞችን ካርድ ከታተመው ጋር አመሳከረች። ከዚያ መልእክት ላከች፦ ሲስተሙ ተመልሷል፤ የዛሬው ወረቀት ሁሉ ተመዝግቦ እስኪያልቅ እንዳይጣል።

ከዚያም ሲስተር እስከዳር ጎን ተቀመጠች፤ የከሰዓቱንም ሥራ አብረው ማስገባት ጀመሩ። ሲስተር ታነባለች፤ ቶይባ ትጽፋለች። የአለሚቱ ወረቀት ላይ ሲደርሱ ሲስተር ወደ ኮምፒዩተሩ ገጽ ጠጋ አለች።

«ምነው?»

«ስለ ሕፃኗ የሚጻፍበት የት ነው?» አለች ሲስተር። «እሷም እንደ እናቷ ደኅና ናት፤ እየጠባች ነው።»

ቶይባ ቦታውን ፈልጋ ከፈተችላት።