ቅጹ የጠየቀኝ

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የማህፀን ሕክምና ክፍል ስምንት ዓመት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ፣ ለሚድዋይፈሪ፣ ማለትም ለአዋላጅነት፣ ማስተርስ አመለከትሁ። ቅጹ «ይህን ትምህርት ለምን መረጡ?» ይላል። እዚያው ጎንደር፣ አራዳ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ የሥራ ልምዴን ብደረድር አልጥም አለኝና ረቂቁን ቀደድሁት።

ከሩቅ ገጠር፣ ከመካነ ብርሃን፣ የመጣች አንዲት ታካሚ ትዝ አለችኝ። ሦስት ቀን አምጣ ልጇ ሞቶባት፣ እሷም ፊስቱላ ይዟት ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። አንሶላዋን ስቀይርላት፣ «እህቴ፣ ያኔ አጠገቤ ብትኖሪ ልጄ ይተርፍ ነበር?» አለችኝ።

«እኔ እኮ አዋላጅ አይደለሁም» አልኋት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህንኑ እንዳለ ቅጹ ላይ ጻፍሁት።

ከወራት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሜን ተቀባይነት ካገኙት አመልካቾች ዝርዝር ውስጥ አየሁት። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ዘወር ብል፣ ሰሌዳው ፊት ከቆሙት የማውቀው አንድም አልነበረም። ጋዋኔን አንጠልጥዬ ለከሰዓት ተራዬ ወደ ሥራ ሄድሁ።