ያልተጣላነውን ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች

የበደለኝ የባሌ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። የበደለኝም ከስምንት ዓመት በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ መምህራን የተማሪ ውጤት በሚደምሩበት ሰሞን፣ እዚሁ ሆሳዕና ነው። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ ለማያውቁት ደግሞ አያስፈልጋቸውም። የሠርጋችን አንደኛ ሚዜ እሱ ነበር። ይህን የምጨምረው በደሉን ለማክበድ ብዬ አይደለም። ሚዜ በእኛ ዘንድ በትዳር ነገር የመግባት መብት ያለው ሰው ስለሆነ፣ ያለዚህ የሆነው ነገር አይገባም።

እኔ ነርስ ነኝ። በዚያን ጊዜ የጤና ኮሌጅ ውስጥ አስተምር ነበር። አርባዎቹን ካጋመስኩ በኋላ፣ ተስፋ በቆረጥኩበት ሰዓት፣ አውሮፓ ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር የአንድ ዓመት ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ዕድል አገኘሁ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አምልጦኛል፤ ልጆቹ ሕፃናት ነበሩ። በዚህኛው ጊዜ ትልቁ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ቤት የቀረችው የአሥር ዓመት ሴት ልጃችን ነበረች። ዕድሉ ቤተሰብ ይዞ መሄድን ይፈቅዳል። ብቻዬን እሄድ ነበር ብዬ አልዋሽም። ልጄንና ባሌን ትቼ አልሄድም ነበር፤ ሦስተኛ ዕድል ደግሞ በእኔ ዕድሜ አይመጣም።

ባሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። አንድ ምሽት እራት ተነሥቶ ሳያበቃ ነጭ ወረቀት አምጥቶ ማመልከቻ ጻፈ። ባለቤቱ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ስለምትሄድ አብሯት ለመኖር የአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠው ይጠይቃል። እኔ ጻፍ አላልኩትም። ጽፎ ሲጨርስ አነበብኩት፤ «ፊርማህ ተጣሞብሃል» ብቻ አልኩት።

እንዲህ ያለ ፈቃድ በሕግ አለ። ግን ግዴታ አይደለም፤ ምክንያቱ በቂ ሆኖ ሥራው የማይጎዳ ከሆነ የበላዩ ሊፈቅድ ይችላል ነው የሚለው። የሚፈቅደውም ርዕሰ መምህሩ ሳይሆን የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ ሥራ አይበደልም ብሎ በሸኚ ደብዳቤ ማስተላለፍ አለበት። ሸኚ ከሌለ ማመልከቻው ከትምህርት ቤቱ ግቢ አይወጣም። ፈቃዱ ከሌለ ደግሞ ለባሌ ሁለት መንገድ ነበር የቀረው፦ ከሥራው ለቆ የሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱንና ደረጃውን መጣል፣ ወይም መቅረት። እሱ ከቀረ እኔም ቀረሁ።

ርዕሰ መምህሩ ማመልከቻውን ተቀበለና በሻይ ሰዓት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው።

ባሌ አልነገረኝም። የነገረችኝ እዚያው የምታስተምር ጎረቤቴ ናት፤ ባጃጅ ስንጠብቅ።

«‹እዚያ ሄዶ ምን ሊሠራ ነው?› አለ» አለችኝ። «‹ሻንጣዋን ሊሸከም ነው ወይስ ወጧን ሊያማስል? የሒሳብ መምህር አጥቼ የቤት ሠራተኛ ልላክ?› አለ።»

«ሰዉስ?»

«ሰዉ ሳቀ። ምን ያድርግ፣ አለቃ ነው።»

«አንቺስ?»

ወደ መንገዱ ዞረች። ባጃጁ መጣ። ያን ቀን ሒሳቧን እኔ አልከፈልኩላትም።

ባሌን ማታ ስጠይቀው «ቀልዶ ነው» አለኝ። ሳምንት አለፈ። ማመልከቻው የት ደረሰ ሲለው ርዕሰ መምህሩ «እያየሁት ነው» ይለዋል። ሁለተኛ ሳምንት ሆነ። የኤምባሲው ቀጠሮዬ እየቀረበ ነው፤ ኤምባሲው ደግሞ ከባሌ መሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ይፈልጋል።

በእሑዱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንደኛው የካቶሊክ ቁምስናችን የቀድሞ ካቴኪስት ናቸው፤ ልጆቼን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሩ። ሁለተኛው የባሌ አጎት፣ ከቦኖሻ በማለዳ መኪና የመጡ። ሦስተኛው ፕሮቴስታንት ጎረቤታችን፣ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ በሰፈሩ ነገር ሁሉ የሚጠሩ። ሦስቱም ከዘራ ይዘዋል፤ ሦስቱም ፊታቸውን አክብደዋል። የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ።

አስገባኋቸው። ውሃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም። ለሽምግልና የመጣ ሰው ጉዳዩ ሳይያዝለት እንደማይቀምስ አውቃለሁ። ያኔ ገባኝ።

ካቴኪስቱ ጀመሩ። «ልጆቼ፣ ትዳር ነው፣ ያጋጫል። እኛም ተጋጭተናል። አሁን ግን ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ሰምተን ዝም ማለት አልቻልንም።»

«የማን ቤት?» አልኩ።

«የእናንተ ነዋ።»

ባሌን አየሁት። እሱም አየኝ። «እኛ አልተጣላንም» አለ።

ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ። አጎትየው ወደ ሀዲይሳ ቋንቋ ዞረው ለባሌ ብቻ ተናገሩ። እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፤ አንጋጫ ነው የተወለድኩት፤ ግን ሀዲይሳውን ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬበታለሁ። «አትፍራት፣ ልጄ» ነው ያሉት። «አስገድዳህ እንደጻፍክ ሚዜህ ነግሮናል።»

እኔው በሀዲይሳ መለስኩላቸው። «ይፍራኝ አይፍራኝ ራሱን ጠይቁት፣ አባባ።»

ጎረቤታችን ነጋዴ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ባሌ ዝምተኛ ሰው ነው። በጉባኤ ሲናገር አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን ተነሥቶ ቆመ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ አልጠየቀችኝም።»

«ወንድ ልጅ ሚስቱን ተከትሎ ይሄዳል?» አሉ አጎቱ።

«እሷ እኔን ተከትላ ነው እዚህ የመጣችው» አለ። «አንጋጫ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ልትሆን ስትል እኔ ወደዚህ ተዛወርኩ። ሥራዋን ለቃ መጣች፤ እዚህ እንደ አዲስ ተቀጥራ ከታች ጀመረች። ያን ጊዜ ሽማግሌ የላከ ሰው አለ? አባባ፣ እርስዎ መጥተው ነበር?»

አጎትየው ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዘዋወሩ። «አልመጣሁም» አሉ።

ያንን ነገር በውስጤ ይዤው ኖሬአለሁ። ባሌም ይዞት እንደኖረ የዚያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ስለዚህ ነገር ብዙ አልጽፍም።

ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋቡ። የተጣላ የለም፤ የሚታረቅም የለም። ካቴኪስቱ «እንግዲህ በሰላም ካላችሁ…» ብለው ሊነሡ ሲሉ ያ ሐሳብ መጣልኝ።

«ተቀመጡ፣ አባቶቼ» አልኩ። «ለእርቅ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ባዶ እጃችሁን ልትመለሱ ነው? አባባ ከቦኖሻ ድረስ ለፍተው መጥተው?»

«ታዲያ ማንን እናስታርቅ?»

«እኔ የተጣላሁት ሰው አለ። እናንተን የላካችሁ ሰው ነው። የባሌን ማመልከቻ ለሳቅ አነበበው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ውስጥ ቆለፈበት። ከእሱ ጋር አስታርቁኝ።»

ነጋዴው ጎረቤታችን መሣቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። «ይህቺ ሴትዮ ሽማግሌዎቹን ወሰደችበት!» አሉ።

ካቴኪስቱ አልሣቁም። «ምን ቢያደርግ ትታረቂያለሽ?»

«ማመልከቻውን ይሸኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አጎትየው ውሃቸውን አንሥተው ጠጡ። የዚያን ጊዜ ጉዳዩ እንደተያዘልኝ አወቅኩ።

ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩን ካቴኪስቱ ቤት አስጠሩት። ፈገግ ብሎ ነው የገባው፤ ምስጋና ሊቀበል። እኔ ከባሌ ጎን፣ እሱ ከፊት ለፊታችን፣ እንደ ባለጋራ ተቀመጥን።

«እኔ እኮ ለትዳራቸው ብዬ ነው» አለ ነገሩ ሲገባው። «ሚዜ ነኝ።»

«ሚዜ የጓደኛውን ምሥጢር ሻይ ላይ ያነባል?» አሉት ካቴኪስቱ።

«አባባ፣ ቀልድ ነበር።»

«እሷ አልሣቀችም።»

ቀጥሎ በሥራው መጣ። የሒሳብ መምህር እጥረት አለብኝ፣ ተማሪ ይበደላል አለ። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ምክንያት የሚያስኬድ ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባሌ ግን ተዘጋጅቶ ነው የሄደው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሁለት የሒሳብ መምህራን ክፍለ ጊዜውን ለአንድ ዓመት ተካፍለው ሊይዙለት ተስማምተው ፈርመው ነበር። ከእነዚያው ሻይ ላይ ከሣቁት ናቸው፤ እነሱን ይቅር ብያለሁ። ወረቀቱን አውጥቶ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠው።

«ሌላስ ምን ቀረህ፣ ልጄ?» አሉት አጎትየው። አነጋገሩ ለማያውቀው ሰው በጣም ለስላሳ ነው፤ ለሚያውቀው ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስት ሽማግሌ ራሱ ልኮ፣ ራሱ እምቢ ማለት አይችልም። እምቢ ቢል ነገ በእሱ ጉዳይ ከቤቱ የሚወጣለት ሽማግሌ አያገኝም። «ጠዋት እሸኘዋለሁ» አለ።

ተነሡና ይቅር ተባባሉ ተባልን። ይቅር ብያለሁ አልኩ። የምፈልገው ሸኚ ደብዳቤውን ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ በባሌ እጅ ገባ። «በሌሉበት የመማር ማስተማሩ ሥራ የማይስተጓጎል መሆኑን እየገለጽን» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል የምትሠራ ልጅ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የእኔን የቅበላ ደብዳቤ ጠየቀች። የቤተ ክርስቲያኑን ምስክር ወረቀት ስሰጣት «ከወሳኝ ኩነት የተመዘገበውን ነው የምንቀበለው፣ እናቴ» አለችኝ። ቀበሌ ሄደን፣ ምስክር ይዘን፣ ሁለት ቀን ተሰልፈን አስመዘገብን። በትዳር ከኖርን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖን መዝጋቢው «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። በሳምንቱ መጨረሻ ፈቃዱ ወጣ፦ ለአንድ ዓመት፣ ያለ ደመወዝ፣ ዓመቱ ሲያበቃ ሪፖርት ካላደረገ በገዛ ፈቃዱ ሥራ እንደለቀቀ የሚቆጠር። ባሌ መጻሕፍቱንና የውጤት መዝገቡን አስረክቦ ክሊራንሱን ጨረሰ። ኤምባሲው ደብዳቤውን ተቀበለ።

የሄድን ቀን መናኸሪያ ሽማግሌዎቹ ሊሸኙን መጡ። ርዕሰ መምህሩም መጣ፤ ከታረቀ በኋላ መቅረት ነውር ስለሆነበት። አውቶቡሱ ሊሞላ ሲል አጎትየው ዙሪያውን አዩና «አንተ፣ ምን ቆመህ ታያለህ?» አሉት። «ሻንጣዋን አንሣላት እንጂ!»

አነሣው። ከባዱ እሱ ነበር፤ ቡላና በርበሬ ሞልቼዋለሁ። እኔ አልጠየቅኩትም። አልከለከልኩትምም። ጎረቤቴ መምህርት እዚያ ነበረች፤ የዚያን ቀን ጮክ ብላ ሣቀች።

ባሌ ዓመቱን ሙሉ ወጥ አማሰለ። ልጃችንን ትምህርት ቤት አመላለሰ፤ ማታ ማታ የጥናቴን ሒሳብ አብሮኝ ሠራ። እኔ በማዕረግ ተመረቅኩ። ፈቃዱ ሊያበቃ ሲል ተመለስን፤ ባሌ በቀኑ ሪፖርት አደረገ። ሥራ መጀመሩን የሚገልጸውን ደብዳቤ የፈረመው ያው ርዕሰ መምህር ነው።

መስቀል ሲደርስ የበዓሉን ምግብ አተካና ሠራሁ፤ ቡላውም ቅቤውም ያልተቆጠበበት። ሦስቱን ሽማግሌዎች ከነሚስቶቻቸው ጠራሁ። ባሌ «ሚዜዬንስ?» አለኝ። አልተጠራም አልኩት። እስካሁን አልጠራሁትም።