የጥያቄ አራት መልስ

መምህር ዓለምነህ የልመና ደብዳቤ ይቀፈዋል። ወረታ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ ውጤት በተለጠፈ ማግስት በቢሮው በር ሥር የሚገፋለትን ወረቀት ሳይከፍተው ያውቀዋል። «ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለው»፣ «እናቴ ታማብኝ»፣ «እርስዎ አባቴም ነዎት»። ቅዱሳንን ከላይ እስከ ታች የሚጠራው ደግሞ ሁልጊዜ ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍል ደርሶ የማያውቀው ነው። ዓለምነህ እንዲህ ያለውን ሲያነብ ከንፈሩ በአንድ ጎን ይጣመማል፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል።

በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ የፎገራ ሩዝ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ያገኘው ግን አጭር ነበር።

«ለመምህር ዓለምነህ። በኮምፒውተር አርክቴክቸር ፈተና ጥያቄ አራት ላይ አንድ ዙር ይቆማል ብዬ የሰጠሁት መልስ ዜሮ ተሰጥቶታል። ጥያቄው ግን ፎርዋርዲንግ አለ ይላል። እባክዎ እንደገና ይዩልኝ። መስከረም ንብረት።»

ይኸው ነው። ማርያም የለችም፣ የታመመ የለም። መስከረምን ያውቃታል፤ ከሐይቁ ዳር ካሉት ቀበሌዎች የምትመጣ ዝምተኛ ልጅ ናት። በነሐሴ ርብ ወንዝ ሞልቶ ቤታቸውን ሲከበው የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና አመለጣት። የኮሌጁ አስተዳደር ማካካሻ ፈተና ከለከላት፤ «ጎርፍ የሕክምና ማስረጃ የለውም» ብለው የሳቁ ሰዎች እንደነበሩ ዓለምነህ ሰምቷል። አሁን ከማለፊያው ሦስት ነጥብ ጎድሏታል። ካላለፈች ዘንድሮ መውጫ ፈተና አትቀመጥም፤ መውጫ ፈተና ካልተቀመጠች ደግሞ አራት ዓመት የለፋችበት ዲግሪ የለም። ጥያቄ አራት አራት ነጥብ ይይዛል።

የፈተና ወረቀቶቹን ከሳጥኑ አወጣ።

ጥያቄው ስለ ፓይፕላይን ሃዛርድ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ የሚያስረዳው በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ነው። አንዱ ሩዝ ይገለብጣል፣ ማሽኑ ይፈለፍላል፣ ሌላው ያበጥራል፣ ሌላው ጆንያ ይሞላል፤ የመጀመሪያው ሩዝ ጆንያ እስኪገባ ሳይጠበቅ ሁለተኛው ይገለበጣል። ፕሮሰሰሩም ትዕዛዞችን በአምስት ደረጃ እንዲሁ ያስከትላቸዋል። ሃዛርድ የሚመጣው ተከታዩ ትዕዛዝ የፊተኛው ገና ያላደረሰለትን ነገር ሲፈልግ ነው። በፈተናው አንድ ትዕዛዝ ከሜሞሪ ቁጥር ያመጣል፣ ተከታዩ ወዲያው ያንኑ ቁጥር ይደምራል። ስንት ዙር ቆሞ ይጠብቅ? ቁጥሩ ሬጅስተር በሚባለው የፕሮሰሰሩ ማኖሪያ ውስጥ እስኪቀመጥ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ሁለት። ፎርዋርዲንግ ካለ፣ ማለትም ቁጥሩን ሬጅስተር ሳይገባ ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉት ከሆነ፣ አንድ። ከዚያ በታች አይሆንም፤ ከሜሞሪ ያልወጣ ቁጥር ማንም ሊቀበል አይችልምና።

የመስከረም መልስ አንድ ነው። ደረጃዎቹን በእርሳስ ሥላ፣ የቆመበትን ዙር አክብባ፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጽፋለች። በላዩ ላይ የእሱ ቀይ ዜሮ ተቀምጧል።

ሌሎቹን ገለጠ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ሥር የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ሳይቀር አንድ ነው፦ «ፎርዋርዲንግ ስለሌለ ሁለት ዙር ይቆማል»። ጥያቄው ፎርዋርዲንግ አለ ይላል፤ ልጆቹ ከሥሩ የለም ብለው ጽፈዋል፤ እሱ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ትክክል ብሎላቸዋል።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ከኮሌጁ በር ፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያለፉትን ዓመታት ፈተና ከነመልሱ አባዝቶ ይሸጣል። ተማሪው መጽሐፍ አይገዛም፣ እሱን ይገዛል። ዘንድሮ ዓለምነህ በዚህ ተንገፍግፎ የጥያቄ አራትን አንዲት ሐረግ ለወጠ፤ «ፎርዋርዲንግ የሌለው» የነበረውን «ያለው» አደረገው። አንብቦ የሚሠራው ከሸምዳጁ እንዲለይለት ነበር። ሲያርም ግን ይዞ የተቀመጠው ያንኑ አሮጌ የመልስ ወረቀት ነው። ያጠመደው ወጥመድ ያነበበችውን ብቻ ያዘለት። እጁን ቢታጠብ ደስ ባለው።

ወረቀቶቹን ታቅፎ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገባ። ያለ ኃላፊው ፊርማ ውጤት አይስተካከልም። አቶ የኋላሸት በስንጥር ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ሰሙት።

«ስሕተቱ የኔ ነው» አለ ዓለምነህ። «ለሷ ይጨመርላት፣ ከነዚህ ይቀነስ።»

«ሲቀነስ ስንቱ ይወድቃል?»

«አሥር ያህል።»

አቶ የኋላሸት የስንጥሩን ጫፍ አይተው መልሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱት። «ነገ የአሥር ሰው አባት እዚህ ግቢ ይፈሳል። የማን ስሕተት ነው ሲሉኝ አንተን ላሳይ? እንዲህ እናድርግ። ለልጅቱም ስጣት፣ ከነሱም አትንካ። ሁለቱም መልስ ተቀባይነት አግኝቷል ብለህ ለጥፍ።»

«አቶ የኋላሸት፣ ሁለቱም ልክ ሊሆን አይችልም እኮ። ማሽን ነው።»

«ማሽኑ መጥቶ አይከሰንም። ልጅቱ ታልፋለች አይደል? ሌላ ምን ፈለግህ?»

ዓለምነህ ሌላ የሚፈልገውን ያውቀው ነበር። ነገር ግን ስሙ በአባቶች ፊት ሲነሳ ታየው፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚታደሰው ውሉም ታየው። ልጅቱ ታልፋለች፣ ዋናው እሱ ነው አለ ለራሱ፤ እንዲህ ሲል ደግሞ ድምፁ የአቶ የኋላሸትን ድምፅ መሰለው። ፈረመ። ኃላፊውም ስንጥሩን እንደነከሱ ፈረሙ።

ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያውን በገዛ እጁ ለጠፈው፦ «ጥያቄ አራት፦ 1 ወይም 2 ትክክል ነው።» ልጆቹ ተንጋግተው መጡ። እንግዳው የሚባለው የክፍሉ ተጠሪ ጮክ ብሎ አነበበውና «መምህራችን ሰው ናቸው» አለ። ሌላው ልጅ የእንግዳውን ትከሻ መታ አደረገ፣ ሳቁ። ዓለምነህ ምስጋናቸው እንደ ላብ ሰውነቱ ላይ ሲጣበቅ ተሰማው። ሊሄድ ዘወር ሲል መስከረም ከኋላው ቆማለች።

«አልፈሻል» አላት ቶሎ ብሎ። «ተስተካክሏል።»

«አየሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ መምህር።» አልሄደችም። ማስታወቂያውን በአገጯ አመለከተች። «ይኸ ጥያቄ መውጫ ፈተናው ላይ ቢመጣ የቱን ልምረጥ?»

ቀልድ መስሎት ፊቷን አየ። ቀልድ አልነበረም። መውጫ ፈተና ላይ «1 ወይም 2» የሚል ምርጫ እንደማይኖር ሁለቱም ያውቃሉ። እንግዳው ንግግራቸውን ለመስማት አንገቱን መለስ አድርጓል።

«አንድ» አለ ዓለምነህ፣ በጉሮሮው።

«አልሰማሁዎትም።»

እንግዳው አንድ እርምጃ ጠጋ አለ። ዓለምነህ ለእንግዳው ጀርባውን ሰጠ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ በኮቱ ጫፍ ከልሎ፣ አንድ ጣቱን አሳያት።

መስከረም ጣቱን አየችው፤ ቀጥላም እሱን። ከንፈሯ በአንድ ጎን ተጣመመ። ዓለምነህ ያን ፊት ያውቀዋል፤ የልመና ደብዳቤ ሲያነብ እሱ ራሱ የሚያሳየው ፊት ነው።